ሁለት መድኃኒት በአንዲት የመስታወት ቱቦ

ጉለሌ ውስጥ፣ በአዲሱ ገበያና በሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ ክሊኒክም ይሁን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ጥርሱን ሊያስነቅል የተቀመጠ ሰው ዐይኑ ከመርፌው አይነቀልም። ሐኪሙ ማየት ያለበት ግን መርፌው ውስጥ የገባችውን ከትንሽ ጣት የቀጠነች የመስታወት ቱቦ ነው። ካርትሬጅ ትባላለች። በአንድ ጫፏ የጎማ ውታፍ፣ በሌላው ስስ የብረት ቆብ አላት፤ በብዛት የምትይዘው 1.8 ሚሊ ሊትር ነው። ጎኗ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፦ አንዱ 2% ወይም 4%፣ ሌላው 1፡80,000 ወይም 1፡100,000። የመጀመሪያው ስለ ማደንዘዣው፣ ሁለተኛው ስለ አድሬናሊን ነው። ታካሚው አንድ መርፌ ተወጋሁ ይላል እንጂ የገባለት ሁለት መድኃኒት ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ጣሪያ አለው።

ባለ 2%ቱ ሊዶኬይን ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን እ.ኤ.አ. በ1943 የቀመመው ሲሆን በ1948 ለገበያ ቀርቦ እስከ ዛሬ የጥርስ ሐኪም የዘወትር መድኃኒት ሆኖ ቆይቷል። ባለ 4%ቱ አርቲኬይን ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 ተሠርቶ በ1976 ለገበያ ወጣ። ሥራቸው አንድ ነው። ሕመም በነርቭ ላይ የሚጓዘው ሶዲየም ወደ ነርቩ ሲገባ ነው፤ ሁለቱም ይህን መግቢያ ከውስጥ በኩል ይዘጉታል። ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ግን በመጀመሪያ የነርቩን ስብማ ሽፋን ማለፍ አለባቸው። መግል የያዘ ድድ አሲዳማ ስለሚሆን መድኃኒቱ ሽፋኑን ማለፍ የማይችል መልክ ይይዛል። ያበጠ ጥርስ «አልደነዝዝ» የሚለው በዋናነት ለዚህ ነው። እዚያው ላይ ደጋግሞ መውጋት ትርፉ መጠን መጨመር ብቻ ነው፤ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ነርቩን ከግንዱ ማደንዘዝ ይሻላል።

አርቲኬይን የሚለይበት ነገር ስብ ውስጥ በደንብ መሟሟቱ ነው፤ ስለዚህ በአጥንት ውስጥ ይሰርጋል። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከኋላ ጥርሶች አጠገብ ወፍራም ስለሆነ ሊዶኬይን ከጉንጭ በኩል ድዱ ላይ ቢወጋ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ጋ አይደርስም። አርቲኬይን በዚህ ቦታ የተሻለ ውጤት እንዳለው በተደጋጋሚ ታይቷል። ከመንጋጋው ጀርባ ዋናው ነርቭ ላይ ሲወጋ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንዲያውም 4% የሆነ መድኃኒት እዚያ ሲሰጥ የምላስና የከንፈር መደንዘዝ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል የሚል ክርክር አለ። እኔ ብሆን ለዋናው ነርቭ ሊዶኬይንን፣ ለጉንጭ በኩሉ አርቲኬይንን እመርጣለሁ። ሌላው ልዩነት የሚወገዱበት መንገድ ነው። ሊዶኬይንን የሚያፈርሰው ጉበት ነው፤ ደም ውስጥ ካለው ግማሹ እስኪወገድ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። አርቲኬይንን ደም ውስጥ ያለ ኢንዛይም ስለሚያፈርሰው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ግማሹ ይጠፋል።

አድሬናሊን ለምን ይጨመራል? ሊዶኬይን ብቻውን የደም ሥርን ያሰፋል፤ ስለዚህ ደሙ መድኃኒቱን ቶሎ ጠርጎት ይሄዳል፣ የጥርሱም መደንዘዝ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያበቃል። አድሬናሊን የደም ሥሩን ሲያጠብበው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይቆያል። መድማትን ይቀንሳል፤ መድኃኒቱም ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ስለሆነ ለመላው ሰውነት ያለው ስጋት ይቀላል።

ጣጣው ከልብ ጋር ነው። ከተወጉ በኋላ ልባቸው ድው ድው ሲል፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ «ማደንዘዣ አይስማማኝም» ብለው የሚደመድሙ ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ የአድሬናሊን ወይም የፍርሃት ሥራ እንጂ አለርጂ አይደለም። ለሊዶኬይን እውነተኛ አለርጂ ያለበት ሰው በጣም ጥቂት ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ የአድሬናሊን ጣሪያ በአንድ ቀጠሮ 200 ማይክሮግራም፣ ከባድ የልብ ሕመም ላለበት 40 ነው። 1፡100,000 የሚል ካርትሬጅ 18 ማይክሮግራም ስለሚይዝ የልብ ታማሚው ሁለት ላይ ያቆማል። 1፡80,000 ከሆነ 22.5 ስለሚይዝ ሁለት ሙሉ አይሞላለትም። ከባድ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ 60 ኪሎ የሚመዝኑ እናት ሊዶኬይኑ ብቻ ቢታይ፣ በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ሲታሰብ፣ አሥራ አንድ ካርትሬጅ ይችላሉ፤ ልባቸው ግን ከሁለት አያሳልፍም። ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው የደም ግፊቱ ድንገት ሊያሻቅብ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በእኛ አገር የሚጨመር ጥያቄም አለ፤ ጫት ነው። ጫት የቃመ ሰው ልቡ ከመወጋቱ በፊትም ፈጥኖ እየመታ ነው፤ ይህን ደግሞ ካልተጠየቀ ላይናገር ይችላል።

ለልጅ ሲሆን ሒሳቡ ይጠብቃል። አምስት ዓመት የሆናት፣ 16 ኪሎ የምትመዝን ልጅ የታች መንጋጋ ጥርሷ ሊነቀል ነው እንበል። 2% ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ ባለ 1.8ቷ ካርትሬጅ 36 ሚሊ ግራም ሊዶኬይን ይዛለች። ለጎልማሳ ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ሲሆን በኪሎ እስከ 7 ሚሊ ግራም የሚፈቅድ መመሪያ አለ፤ ለልጆች የሚመከረው ጠበቅ ያለው ግን በኪሎ 4.4 ነው። በ16 ሲባዛ 70 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ሁለት ካርትሬጅ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የአርቲኬይን ጣሪያ በኪሎ 7 ሚሊ ግራም በመሆኑ ለዚህች ልጅ 112 ይደርሳል። ቁጥሩ ሰፋ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለ 4%ቷ ካርትሬጅ በዚያው መጠን 72 ሚሊ ግራም ስለያዘች የሚፈቀደው አንድ ተኩል ያህል ብቻ ነው። በዐይን ሲታዩ አንድ ዓይነት ከሆኑት ቱቦዎች አንዷ የሌላዋን እጥፍ ትይዛለች፤ ቆጥሮ መስጠት አደገኛ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ አርቲኬይን አይመከርም።

አሁን ሐኪሙ አንድ ካርትሬጅ ሊዶኬይን ሰጥቶ ልጅቷ አሁንም «ያመኛል» አለች። አርቲኬይን ልጨምር ቢል ሒሳቡን ከዜሮ አይጀምርም፤ ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ ላይ ይደመራሉ። ጠንቃቃው ደንብ ድምሩ ከሁለቱ ጣሪያዎች ከትንሹ እንዳያልፍ ነው። ከ70ው 36ቱ ሄዷል፤ የቀረው 34 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከግማሽ ካርትሬጅ ያነሰ አርቲኬይን ነው። ይህን ለማወቅ ልጅቷ አስቀድማ መመዘን ነበረባት። በግምት «አሥራ ስድስት ትሆናለች» ተብላ በእርግጥ 13 ኪሎ ብትሆን ጣሪያው 57 ስለሚሆን የሚቀረው ከሲሶ ካርትሬጅ አይበልጥም።

ጣሪያው ሲታለፍ ወይም መርፌው ሳይታወቅ ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ምልክቱ በብዛት ከአፍ ይጀምራል፤ የብረት ጣዕም፣ ከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ፣ የጆሮ ጩኸት። ቀጥሎ መለፍለፍ ወይም መፍዘዝ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም መንዘፍዘፍ ይመጣል፤ ሲከፋ ልብ ይዳከማል። ትንሽ ልጅ የጆሮዋን ጩኸት ላትነግር ትችላለች፤ ድንገት ዝም ማለቷ ወይም እንቅልፍ እንደወሰዳት መሆኗ ራሱ ምልክት ነው። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከመግፋቱ በፊት ውታፉን ወደኋላ ስቦ ቱቦዋ ውስጥ ደም መግባት አለመግባቱን የሚያየው፤ ሲሰጥም አንድ ካርትሬጅ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ምልክቱ ከታየ መርፌው ይቆማል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ መንዘፍዘፉ በመድኃኒት ይገታል፤ ካለ ደግሞ 20% የስብ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ መድኃኒቱን ከልብና ከአንጎል እየሳበ ያወጣዋል። ቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ካልገባ በቀር በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍተኛ የሚሆነው ከተወጉ ደቂቃዎች በኋላ ስለሆነ፣ «እስኪደነዝዝ ልጠብቅ» ተብሎ ታካሚው ብቻውን ወንበር ላይ መተው የለበትም።