አንድ ሥራ፣ ሁለት ሪክሩተር

አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ባንክ ለስድስት ወር ኮንትራት የሶፍትዌር ሞካሪ ሲፈልግ ሥራውን ለአንድ ኤጀንሲ ብቻ አይሰጥም። ለበርካታ ስታፊንግ ኤጀንሲዎች በአንድ ጊዜ ይበትነዋል፤ የየኤጀንሲው ሪክሩተሮችም ስልክ ያነሣሉ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና የአይቲ ሥራ የምትፈልግ ኢትዮጵያዊት ስለ አንዱ ሥራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁለት ሦስት ሰው ሊደወልላት ይችላል። ደዋዮቹ የኤጀንሲያቸውን ስም ፈጥነው ይናገራሉ፤ የባንኩን ስም ግን ቶሎ አያወጡም። የሥራው መጠሪያም ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለዋወጥ አንድ ሥራ ሦስት ሥራ ይመስላል።

ችግሩ የሚመጣው ፈቃድ ሲጠየቅ ነው። ሪክሩተሩ ሬዙሜውን ለደንበኛው ድርጅት ከመላኩ በፊት አመልካቿን በኢሜይል ያስፈቅዳል። በሙያው ሰዎች ዘንድ «አር ቲ አር» የሚባለው ይህ ፈቃድ፣ ለዚህ ሥራ፣ በዚህ ክፍያ፣ እኔን የሚያቀርበኝ ይህ ኤጀንሲ ብቻ ነው እንደማለት ነው። ለሁለት ኤጀንሲ ከተሰጠ ያቺው ሰው ሁለት ጊዜ ትቀርባለች። ብዙ ድርጅቶች ኤጀንሲዎችን የሚያስተናግዱበት ሲስተም ደግሞ ድግግሞሹን ይይዛል፤ ሪክሩተሮች የልደት ቀንና ወር፣ አንዳንዴም የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት ቁጥሮችን የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ለዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ እንደየድርጅቱ ደንብ ወይ ቀድሞ የላከው ኤጀንሲ ይያዝለታል፣ ወይ «እኔ ነኝ ያመጣኋት» የሚለውን ጭቅጭቅ ላለመስማት ሁለቱም ይጣላሉ። አመልካቿ በአብዛኛው ምክንያቱ አይነገራትም።

ይህን የሚከላከለው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ጎግል ሺትስ ወይም ኤክሴል ላይ የሚሠራ ባለ አሥር ዓምድ ሰንጠረዥ ነው። ከ A እስከ J ያሉት ዓምዶች በቅደም ተከተል እነዚህን ይይዛሉ፦ የመጨረሻው ንግግር ቀን፣ የሪክሩተሩ ስምና ስልክ፣ ኤጀንሲው፣ ደንበኛው ድርጅት፣ ሥራውና ከተማው፣ ክፍያው፣ ፈቃድ የተሰጠበት ቀን፣ ማስታወሻ፣ ቀጣዩ ቀን፣ እና ጉዳዩ ያለበት ደረጃ። ኤጀንሲውና ደንበኛው በሁለት የተለያዩ ዓምዶች መቀመጣቸው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ድርጅት» በሚል አንድ ዓምድ የኤጀንሲዎችን ስም ብቻ የሚመዘግብ ሰው ሁለቱ ረድፎች የአንድ ባንክ መሆናቸውን ፈጽሞ አያይም።

እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው። ሐሙስ ማርች 6 ቀን 2025 አንድ ሪክሩተር ለሞካሪዋ ይደውላል እንበል። ሥራው ሪችመንድ ከተማ ያለ ባንክ ነው፤ ስድስት ወር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ፣ በሰዓት 55 ዶላር። ተስማምታ ፈቃዷን በኢሜይል ትሰጣለች፤ ስልኩ እንደተዘጋም ረድፉን ትሞላለች። ማክሰኞ ማርች 11 ሌላ ሪክሩተር ይደውላል። «ትልቅ የፋይናንስ ተቋም ነው፣ ስሙን አሁን መናገር አልችልም፣ በሰዓት 60 ዶላር ይከፍላል፣ ዛሬውኑ ፈቃድሽን ላኪልኝ» ይላታል።

አምስት ዶላር ብልጫ ያጓጓል። ሰንጠረዡን ስትከፍት ግን ከተማው ሪችመንድ፣ ጊዜው ስድስት ወር፣ የቢሮው ቀን ሦስት ሆኖ ታገኘዋለች። ስለዚህ የደንበኛው ስም ካልተነገራት ፈቃድ እንደማትሰጥ ትነግረዋለች። ይህ ነውር የሌለበት ጥያቄ ነው፤ ስሙን ሳይናገር ፈቃድና የግል ቁጥር የሚያስቸኩል ሪክሩተር እንዲያውም ያጠራጥራል። ስሙ ሲወጣ ያው ባንክ ነው። መልሷም አጭር ይሆናል፦ በማርች 6 በሌላ ኤጀንሲ በኩል ፈቃድ ሰጥቻለሁ።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ፈቃድ የተቀበለ ሁሉ ሬዙሜውን ይልካል ማለት አይደለም፤ ሪክሩተሩ የሰበሰባቸውን ስሞች አለቃው ሊያስቀርበት ይችላል። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ደውላ ለባንኩ መቅረብ አለመቅረቧን፣ ቀርባ ከሆነም በየትኛው ቀን እንደሆነ ትጠይቃለች። ቀርባለች ከተባለ ቀኑ ማስታወሻው ውስጥ ይገባል፣ 60 ዶላሩም ይረሳል። ገና አልቀረበችም ከተባለ ፈቃዷን በጽሑፍ አንሥታ፣ መልስ ካገኘች በኋላ ከሁለተኛው ጋር መቀጠል ትችላለች። በቃል ማንሣት አይበቃም፤ በኋላ ክርክር ሲነሣ የሚታየው ኢሜይሉ ነው።

«ቀጣዩ ቀን» የሚለው ዓምድ በእጅ መሞላት የለበትም። I2 ላይ ይህ ቢጻፍ ይበቃል፦

```
=WORKDAY(A2,5)
```

ቅዳሜና እሑድን ዘልሎ አምስት የሥራ ቀን ይቆጥራል፤ ለማርች 6ቱ ንግግር ሐሙስ ማርች 13ን ይሰጣል። አዲስ ንግግር በተደረገ ቁጥር አዲስ ረድፍ አይከፈትም፤ A ላይ ያለው ቀን ይቀየራል፣ የተባለውም ከነቀኑ ማስታወሻው ላይ ይጨመራል፣ ቀጣዩ ቀን ራሱን ያስተካክላል። ቀኑ የደረሰ ረድፍ እንዲቀላ ደግሞ Conditional formatting ውስጥ Custom formula is ተመርጦ ይህ ይገባል፦

```
=AND($I2<>"",$I2<=TODAY(),$J2<>"ተዘግቷል")
```

ሰንጠረዡ ግን አይጮህም። ካልተከፈተ ቀይ ሆኖ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ጠዋት ቡና ሲጠጣ አንዴ መክፈት ግድ ነው። ኢንተርቪው ደግሞ ስልክ ላይ ባለው ካላንደርም መመዝገብ አለበት፣ የሰዓቱ ዞን ተጨምሮ። ቴክሳስ ያለ ሪክሩተር «ሁለት ሰዓት» ሲል ቨርጂኒያ ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ዳላስ ከዲሲ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው።

ሐበሻን በተለይ የሚያሳስተው የቀን አጻጻፍ ነው። እኛ ቀኑን አስቀድመን ወሩን እናስከትላለን፤ በአሜሪካ አቀማመጥ የተሠራ ሺት ግን ወሩን ያስቀድማል። ማርች 6ን ለማለት 6/3 ብሎ የጻፈ ሰው ጁን 3ን መዝግቧል፤ አስታዋሹም ማርች 13 መድረሱ ቀርቶ ጁን 10 ላይ ይቀላል፣ ሥራው በሰው ከተያዘ ከብዙ ጊዜ በኋላ። 13/3/2025 ከሆነ ቀላል ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር እዚያ ስለሌለ ሺቱ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ ወደ ግራ ያስጠጋዋል፣ ቀመሩም #VALUE! ይላል። ስሕተቱ ራሱን ይናገራል ማለት ነው። የመጀመሪያው ግን ዝም ይላል። መፍትሔው ቀኑ የወሩን ስም ጭምር እንዲያሳይ፣ 6 Mar 2025 በሚመስል ቅርጽ፣ ዓምዱን ማስተካከል ነው።

ሰንጠረዡ ውስጥ የማይገባም ነገር አለ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ አራቱ አሃዞች እንኳ፣ እዚያ ምንም ሥራ የላቸውም፤ በተለይ ሺቱ ለጓደኛ ወይም ለትዳር አጋር የሚጋራ ከሆነ።

ሁለቴ ተደውሎለት፣ ሁለቴ ተጽፎለት መልስ ያልሰጠ ሪክሩተር ረድፉ «ተዘግቷል» ይባላል። ይባላል እንጂ አይጠፋም። ብዙ ኤጀንሲዎች ከደንበኛቸው ጋር ባላቸው ውል፣ ያቀረቡት ሰው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከተቀጠረ ክፍያ የመጠየቅ መብት አላቸው። ሞካሪዋ በመስከረም ያንኑ ባንክ በራሱ ድረ ገጽ በቀጥታ ብታመለክትና ቀጣሪው «ከዚህ በፊት በኤጀንሲ ቀርበሽ ታውቂያለሽ?» ቢላት መልሱ፣ ከነቀኑና ከነኤጀንሲው ስም፣ ከተዘጉት ረድፎች በአንዱ ላይ ይገኛል።