ጣሪያው ከመነሳቱ በፊት

«ወይዘሮ እገሊት ታታሪ፣ ቅን፣ ለወገናቸው የቆሙ፣ በሥራቸው የተመሰገኑ አስተባባሪ ናቸው።» የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በጎ ፈቃደኞችን ስለሚያስተባብሩላቸው ሰዎች የሚጽፉት አጭር መግለጫ ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ስሙን አውጥታችሁ የሌላ ድርጅት አስተባባሪ ስም ብታስገቡበት አንድም ነገር አይጎድለውም፤ ችግሩም ይኸው ነው። መግለጫውን የሚያነቡት ሰዎች የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው። ልጇን በክረምት እረፍቷ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ልትልክ ያሰበች እናት «ማን ይቀበልልኛል? ሲመሽስ ማን ይሸኝልኛል?» ብላ ትጠይቃለች። ቆርቆሮ የለገሰው ነጋዴ ደግሞ ቆርቆሮው የት እንደገባ ማወቅ ይፈልጋል። «ታታሪ» የሚለው ቃል ለሁለቱም መልስ አይሆናቸውም።

አንድ ሥራ ይዘን እንየው። በየክረምቱ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ወጣቶች እየተሰባሰቡ የአቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤት ያድሳሉ። በዚህ ሥራ ላይ ያለች አስተባባሪ ትኑረን፤ በዚህ መንገድ ላይ ካየኋቸው ሰዎች እያሰባሰብኩ ያቆምኳት ናትና ስም አልሰጣትም።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ተበስቷል፣ ማገሩን ምስጥ በልቶታል። እድሳቱ ሲጀመር የእናትየው አልጋና ዕቃ ጎረቤት ይገባል፣ አሮጌው ቆርቆሮ ይነሳል፣ የበሰበሰው እንጨት ይለወጣል፣ አዲሱ ቆርቆሮ ይመታል። ምርጊቱ የሌላ ቀን ሥራ ነው፤ በክረምት እርጥበት ጭቃና ጭድ ቶሎ አይደርቅም። አስቸጋሪው ጣሪያው ላይ ያለው ሰዓት ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ጠዋቱ ብራ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሊወርድ ይችላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተነሳ ጣሪያ እስከ 8 ሰዓት ካልተከደነ፣ ደህና የነበረው ግድግዳም ውኃ ጠጥቶ ይወርዳል። በቤቱ ያሉት እናት ከነበሩበት የባሰ ላይ ይወድቃሉ።

የአስተባባሪዋ ሥራ እንግዲህ የሚታየው ቅዳሜ ጠዋት ሳይሆን ዓርብ ማታ ነው። 30 ወጣቶች ተመዝግበዋል እንበል። ካለፉት ቅዳሜዎች የስም መቆጣጠሪያ ደብተሯ ላይ ከተመዘገበው ሲሶው እንደሚቀር ታውቃለች፤ ስለዚህ የምትጠብቀው 20 ነው። ማታ ትደውላለች፦ ለወጣቶቹ፣ ለአናጺው፣ ቆርቆሮውን ለሚያመጣው የጭነት መኪና ሹፌር። ጠዋት የመጡት 11 ቢሆኑና አናጺው ቢታመም፣ ጣሪያውን አትነካም። ያሉትን ሰዎች ውኃ መውረጃ ቦይ ያስቆፍራቸዋል፣ እንጨት ያስቆርጣቸዋል፣ የጣሪያውን ሥራ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ታሳድረዋለች። ፎቶ አንሺ ይዞ የመጣ ሰው ይህን ቀን ሊወደው አይችልም። እኔ ግን ከታደሱት ቤቶች ቁጥር ይልቅ ስለ ሰውየዋ የሚነግረኝ ይሄ ነው፦ ባልተሟላ ነገር አለመጀመሯ።

እንዲህ ያለው ነገር በቃለ መጠይቅ በቀላሉ አይወጣም። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲባል አገር ያሳደገው ሰው «ኧረ ምን አደረግሁ፣ ሁሉም ተባብሮ ነው» ይላል። መግለጫውን የሚጽፈው ሰው ጥያቄውን ማጥበብ አለበት፦ «በመጨረሻ ሰው የቀረብሽ ቀን መቼ ነበር? ምን አደረግሽ?» ይህ ጥያቄ ራስን ማሞገስ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ቀን ማስታወስ ነው። ከዚያ አናጺውን፣ ጎረቤቷን፣ ከአንድ ክረምት በላይ አብሯት የሠራ ወጣትን መጠየቅ፣ በመጨረሻም ደብተሩን ማየት ነው። የሦስት ሰው ንግግርና ደብተሩ ከተጣጣሙ መጻፍ ይቻላል። ካልተጣጣሙ የሚቀረው ከመግለጫው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተባባሪዎች ራሳቸው ይተዉታል፤ የዕድር ሥራቸውን። የሥልጠና ምስክር ወረቀታቸውን አውጥተው ሲያሳዩ የሰፈራቸው ዕድር ጸሐፊ እንደነበሩ አይናገሩም፤ «እሱማ የሰፈር ጉዳይ ነው» ይላሉ። የዕድር ጸሐፊ ግን የወር መዋጮ መዝግቦ የሚይዝ፣ በቀብር ቀን የቀረውን የሚያውቅ፣ ቅጣት የሚያስከፍል፣ ድንኳኑና ወንበሩ የት እንዳለ በውድቅት ሌሊት የሚጠየቅ ሰው ነው። ገንዘቡም ሂሳቡም በጎረቤቱ ፊት ነው። በሁለት ቀን ሥልጠና ማንም ይህን አይማርም፤ እኔ ብጽፍ ከምስክር ወረቀቱ አስቀድሜ አስቀምጠዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጻፈው አጭር ነው። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ወይዘሮ እገሊት የአረጋውያን ቤት እድሳት በጎ ፈቃደኞችን ያስተባብራሉ። ከዚህ ቀደም የሰፈራቸው ዕድር ጸሐፊ ሆነው መዋጮና መዝገብ ይዘዋል። በየክረምቱ ቅዳሜ የሚሠራውን ሥራ የሚጀምሩት ዓርብ ማታ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ በመደወል ነው። አናጺ፣ ቆርቆሮና በቂ ሰው ሳይሟላ ጣሪያ አያስነሱም፤ ሥራው ያልተጠናቀቀበትን ቤት ምርጊቱ እስኪያልቅ ይመለሱበታል። አዲስ የሚመጡ ወጣቶች ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚያገኙት እሳቸውን ነው፤ ማታም የመጨረሻው ሰው ሳይሄድ ቦታውን አይለቁም።»

«ታማኝ» የሚል ቃል የለበትም፤ እናትየዋም ነጋዴውም ግን የሚፈልጉትን አግኝተዋል። ከአንዱ ዐረፍተ ነገር ወደ ሌላው ስንሄድ አንቱታው እንዳይዘነጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ያስተባብራሉ» ብሎ ጀምሮ «ትደውላለች» ላይ የሚወድቅ መግለጫ ስንቴ አይተናል።

ቁጥር ማስገባት ይቻላል፤ ጥንቃቄ ግን ይሻል። «ከ100 በላይ ቤቶች አሳድሰዋል» ሲባል «ማደስ» የሚባለው ምን ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከመሠረቱ ፈርሶ የተሠራ ቤትና ሁለት ቆርቆሮ የተቀየረለት ቤት በአንድ መዝገብ እኩል አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ለይቶ መጻፍ ቁጥሩን ያሳንሰዋል፤ ለጋሹ መጥቶ ሲያይ ግን አያሳፍርም። ቤቱ የታደሰላቸው እናት ስምና ፎቶም ያለ ፈቃዳቸው አይገባም። እሺ ቢሉም፣ እምቢ ለማለት የሚችሉ መስሏቸው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ቤቱን ለሠራለት ሰው እምቢ የሚል ማን አለ?

ጽሑፉ ሲያልቅ ለባለቤቷ ጮክ ብሎ ማንበብ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የምታስወጣው ነገር አለ፦ «እኔ ብቻዬን አልደውልም፣ ግማሹን የምትደውለው እከሊት ናት።» ያን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ይስተካከላል፤ የሁለተኛዋም ሰው ስም፣ ከፈቀደች፣ ይገባል። ለሚደውል ሰው የሚሰጠው ስልክ የድርጅቱ እንጂ የእሷ የግል መሆን የለበትም፤ ያለዚያ ቤት ፈርሶብኛል የሚል ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ እሷን ይቀሰቅሳል። ከታች የተጻፈበት ወርና ዓመት ይቀመጥ፤ በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት፣ እንደገና ይነበብ። ሥራውን የለቀቀች አስተባባሪ «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚያገኙት እሳቸውን ነው» ተብላ ተጽፋ ከቀረች፣ አንዲት ልጅ ሐምሌ ላይ ማንም በማይጠብቃት ቦታ ቆማ ትቀራለች።