በዶላር የተቆረጠ፣ በብር ያልተቆረጠ ዕዳ

ሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ በነጋዴው አጠራር ኤልሲ፣ ባንክ በደንበኛው ጥያቄ ለውጭ አገር ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ቃል ነው። ሻጩ ዕቃውን መጫኑን የሚያሳዩ ሰነዶችን በተባለው ዓይነትና በተባለው ጊዜ ካቀረበ ባንኩ ይከፍላል። ሻጭና ገዥ በማይተዋወቁበት ንግድ አንዱ ገንዘቡን ሳያይ ዕቃ መላክ ይፈራል፤ ሌላው ዕቃው ሳይጫን ገንዘብ መላክ ይፈራል። ባንኩ መሀል ሲገባ የሁለቱም ፍርሃት ይቀላል። ኤልሲ የማያስቀረው ሌላ ሥጋት ግን አለ፤ እሱም ኤልሲው ከተከፈተበት ቀን እስከሚከፈልበት ቀን ድረስ ባለው ጊዜ የምንዛሪ ተመን የሚለወጥበት ሥጋት ነው።

አሠራሩን ለመከተል አንድ የአዲስ አበባ ጎማ አስመጪ ከቻይና የ100,000 ዶላር ጎማ ሊያስመጣ ነው እንበል። አስመጪው ከሻጩ የዋጋ ማሳወቂያ፣ ማለትም ፕሮፎርማ፣ ይቀበልና ወደ ባንኩ ይሄዳል። ባንኩ የውጭ ምንዛሪውን ሲፈቅድለት አስመጪው ከዋጋው የተወሰነውን እጅ በብር ያስይዛል፤ ይህ ተቀማጭ ማርጂን ይባላል። ባንኩም ኤልሲውን ከፍቶ በስዊፍት መልእክት ሻጩ አገር ወዳለ ባንክ ይልካል። በመልእክቱ ላይ የገንዘቡ መጠን፣ ዕቃው መጫን ያለበት የመጨረሻ ቀንና ሻጩ የሚያቀርባቸው ሰነዶች ዝርዝር ይሰፍራሉ።

ሻጩ ጎማውን መርከብ ላይ ይጭንና ቢል ኦፍ ሎዲንግ የተባለውን የጭነት ሰነድ ከመርከብ ድርጅቱ ይቀበላል። ይህንን ከሽያጭ ደረሰኙ፣ ከማሸጊያ ዝርዝሩና ከመነሻ አገር የምስክር ወረቀቱ ጋር አድርጎ ለአገሩ ባንክ ያቀርባል። ባንኮቹ የሚያዩት ሰነዱን ነው እንጂ ጎማውን አይደለም። የዓለም ንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600 የተባለ ደንብ ለምርመራው ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀናት ይሰጣል። ሰነዱ ከኤልሲው ጋር ከተስማማ ከፋቹ ባንክ መክፈል ግዴታው ነው። ገዥው ሐሳቡን ለወጠ፣ ብር ወደቀ ወይም የጎማ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ መመለስ አይችልም።

ሥጋቱ የሚገባው በዚህ ግዴታ በኩል ነው። ኤልሲው ሲከፈት የሻጩ ዋጋ በዶላር ይቆረጣል፤ አስመጪው ግን ሸጦ የሚያገኘው ብር ነው። አብዛኛው ዕዳ ወደ ብር የሚመነዘረው ሰነዱ መጥቶ ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን ተመን ነው። ኤልሲ ከተከፈተበት ቀን እስከ ክፍያው ድረስ ፋብሪካው ዕቃውን የሚያዘጋጅበት፣ መርከብ የሚጠበቅበትና ሰነድ የሚመረመርበት ጊዜ አለ። በዚህ መካከል የሚመጣው የተመን ለውጥ ሙሉ በሙሉ የአስመጪው ነው። ሻጩ ዶላሩን እንደ ተስማማው ይቀበላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ ይህ ሥጋት በግልጽ ታየ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማ አስመጪው ኤልሲውን በሰኔ 2016 በ57 ብር ስሌት ከፍቶ፣ ሰነዱ በነሐሴ መጨረሻ ደረሰ እንበል። ለስሌቱ እንዲመች የነሐሴውን ተመን 100 ብር እንውሰድ።

በሰኔ የዕቃው ዋጋ 5,700,000 ብር ነበር። አስመጪው 30 በመቶውን፣ 1,710,000 ብር፣ በማርጂን አስይዟል። ሰነዱ ሲመጣ የሚጠብቀው ቀሪ ዕዳ 3,990,000 ብር ነበር። በነሐሴ ግን ዋጋው 10,000,000 ብር ሆነ። የተያዘው ማርጂን ሲቀነስለት 8,290,000 ብር ይቀርበታል። ዶላር የጨመረው 75 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ አስመጪው በአንድ ጊዜ ማቅረብ ያለበት ገንዘብ ግን ከእጥፍ በላይ አደገ። ምክንያቱ ማርጂኑ በብር ተቀምጦ ስለቆየ ነው፤ ጭማሪው በተያዘው ገንዘብ ላይ ጭምር አርፏል።

ማርጂኑ በሰኔ ወዲያው ወደ ዶላር ተመንዝሮ ቢሆን ኖሮ 30,000 ዶላሩ ያኔውኑ ይዘጋ ነበር። የቀረው 70,000 ዶላር በ100 ብር ሲሰላ 7,000,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 1,290,000 ብር ነው። ስለዚህ አስመጪ ከባንኩ ጋር ሲዋዋል ማርጂኑ በየትኛው ቀን ተመን እንደሚሰላ አጥርቶ ማወቅ አለበት፤ ከኮሚሽኑ መጠን ይልቅ ይህች አንቀጽ ብዙ ገንዘብ ትወስናለች።

አስመጪው ገንዘቡ ከብዶት ተመኑ እስኪወርድ ልጠብቅ ቢል ሌላ ወጪ ይነሣበታል። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ በባንኩ እጅ ስለሆነ ቀሪውን ሳይከፍል ሰነዱን አያስለቅቅም፤ ሰነዱን ካላስለቀቀ ደግሞ ዕቃውን ከወደብ አያወጣም። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ወይም ሞጆ ሲቆም የመጋዘን ኪራይና የኮንቴይነር መዘግየት ክፍያ ይቆጥራል። የጉምሩክ ቀረጥም የዕቃው ዋጋ ወደ ብር ተለውጦ ስለሚሰላ በአዲሱ ተመን ይጨምራል። ደንበኛው መክፈል ቢያቅተው ችግሩ ወደ ባንኩ ይዞራል፤ ባንኩ ለሻጩ ዶላሩን ከፍሎ በእጁ የሚቀረው ሰነድና ያልተከፈለ የብር ዕዳ ነው።

ተጋላጭነቱን የሚያረዝሙ ሁኔታዎችም አሉ። አንዱ የሰነድ ስህተት፣ በባንኮች አጠራር ዲስክሬፓንሲ ነው። በደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም ከኤልሲው ቢለይ ወይም ጭነቱ ከመጨረሻው ቀን ቢያልፍ ባንኩ ክፍያውን ያቆምና የገዥውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በመጻጻፉ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሳምንት ለተመን ለውጥ ክፍት ነው። ሌላው በዱቤ የሚከፈል ኤልሲ ነው። ሰነዱ እንደቀረበ በሚከፈለው ሳይት ኤልሲ ሥጋቱ በክፍያው ቀን ያበቃል፤ የ90 ወይም የ180 ቀን ዱቤ ያለው ኤልሲ ግን ዕቃው ገብቶ ከተሸጠ በኋላም ዕዳውን በዶላር ያቆየዋል። አስመጪው ጎማውን በድሮው ተመን አስቦ ሸጦ ከጨረሰ ልዩነቱን ከገዥዎቹ ማግኘት አይችልም።

መከላከያዎቹ ጥቂት ናቸው። የወደፊቱን ተመን ዛሬ የሚቆርጥ ፎርዋርድ የተባለ ውል በዳበሩ የምንዛሪ ገበያዎች የታወቀ መንገድ ነው፤ ባንኩ የጊዜውን ዋጋ ስለሚጨምርበት ግን በነፃ አይገኝም። ወደ ውጭም የሚልክ ነጋዴ ከሽያጩ ያገኘውን ዶላር ይዞ ለኤልሲው ሲያውለው ዕዳውና ገቢው በአንድ ገንዘብ ይሆኑለታል። ይህ የሌለው አስመጪ ማርጂኑን ከፍ አድርጎ ወዲያው ማስመንዘር፣ የመጫኛ ቀኑን ማሳጠር፣ የሰነድ ዝርዝሩን ከመላኩ በፊት ከሻጩ ጋር ማመሳከር ይችላል። የመሸጫ ዋጋውንም ኤልሲውን በከፈተበት ቀን ተመን ሳይሆን ቀሪው ዕዳ በሚከፈልበት ቀን ሊኖር በሚችለው ተመን ማስላት ይኖርበታል።