ሙቅ ውሃ ሲቋረጥ ለአከራይ የሚጻፍ ኢሜይል

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ባሉት ትላልቅ የኪራይ ሕንፃዎች ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። በጃንዋሪ ብርድ የውሃ ማሞቂያ ሲበላሽ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ስልክ ነው። ተከራዩ ይደውላል፤ ቢሮው «ሰው እንልካለን» ይላል፤ አንድ ቀን ያልፋል፣ ሁለት ቀን ያልፋል። እንደገና ሲደወል ሌላ ሠራተኛ ያነሳና ጉዳዩን ከሥሩ ይጠይቃል። መደወሉ ስህተት አይደለም፤ ከሁሉም ፈጣኑ መንገድ ነው። ነገር ግን ማን መቼ ምን እንደተናገረ የሚያሳይ ነገር አይተውም።

የቨርጂኒያ የመኖሪያ ቤት አከራይና ተከራይ ሕግ ደግሞ ትኩረት የሚሰጠው ለጽሑፍ ነው። በክፍል 55.1-1220 መሠረት አከራይ ለቤቱ ያቀረባቸውን የቧንቧና የማሞቂያ መሣሪያዎች በደህና የሥራ ሁኔታ የማቆየት ግዴታ አለበት። ይሁን እንጂ ተከራዩ በሕጉ የተሰጡትን ዋና ዋና መፍትሔዎች መጠቀም የሚችለው ጉድለቱን ለአከራዩ በጽሑፍ ካሳወቀና ለማስተካከል የሚበቃ ጊዜ ከሰጠ በኋላ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ማስታወቂያ ጀምሮ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን የሚላከው ኢሜይል ከቅሬታነት ያለፈ ሥራ አለው።

ኢሜይል እንደ ሕጋዊ ማስታወቂያ ይቆጠራል? ይህን የሚወስነው የኪራይ ውሉ ነው። ውሉ ማስታወቂያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ እንደሚቻል ከደነገገ ኢሜይል ይበቃል፤ ላኪው ግን መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ አለበት። ውሉ ስለዚህ ዝም ካለ ኢሜይሉን ከላኩ በኋላ ያንኑ ጽሑፍ አትሞ በፖስታ መላክ ወይም ለቢሮው በእጅ ሰጥቶ በቅጂው ላይ ማስፈረም ይሻላል። የጥገና መጠየቂያ የስልክ መተግበሪያ ያላቸው ሕንፃዎችም አሉ፤ እዚያ የሚሞላውን ገጽ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ አይከፋም።

ከመጻፍ በፊት ግን ማየት ያስፈልጋል። ማሞቂያው በጋዝ የሚሠራ ከሆነና የጋዝ ሽታ ካለ፣ ወይም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ከጮኸ፣ ደብዳቤው ይቆየል፤ ቤተሰቡ ወዲያው ወጥቶ ከውጭ 911 ይደውላል። እንዲህ ያለ አደጋ ከሌለ የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሙቅ ውሃ የጠፋው በሁሉም ቧንቧ ነው ወይስ በአንዱ ብቻ? በአንዱ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ማሞቂያው ላይ ላይሆን ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ በቤቱ የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ የማሞቂያው ብሬከር ወርዷል? በማሞቂያው ሥር ውሃ ይታያል? ውሃው ጭራሽ አይሞቅም ወይስ ለጥቂት ደቂቃ ሞቆ ይቀዘቅዛል?

የመጨረሻው ጥያቄ ለጠጋኙ ብዙ ይነግረዋል። አብዛኞቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ በርሜል ማሞቂያዎች ሁለት ማሞቂያ ዘንጎች አሏቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የታችኛው ሲቃጠል ከላይ ያለው ጥቂት ውሃ ብቻ ስለሚሞቅ ሙቁ ቶሎ ያልቃል። የላይኛው ሲቃጠል ወይም ከመጠን በላይ ሙቀት የሚከላከለው ማጥፊያ ኃይሉን ሲቆርጥ ደግሞ ውሃው ጭራሽ አይሞቅም። ተከራዩ ይህን መመርመርም ሆነ ክዳኑን መክፈት የለበትም፤ ውስጡ 240 ቮልት አለ። የእሱ ድርሻ ያየውን በትክክል መጻፍ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተከራይዋ ከባለቤቷና ከሕፃን ልጇ ጋር በአንድ የአሌክሳንድሪያ አፓርታማ ትኖራለች እንበል። ሙቅ ውሃው እሑድ ጠዋት ጠፋ፤ ደወለች፤ እስከ ሰኞ ማንም አልመጣም። ለቢሮው የምትልከው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ይዘቱ በአማርኛ ይህን ይመስላል፤ ሰዓቶቹ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

«ርዕስ፦ ሙቅ ውሃ ሙሉ በሙሉ ተቋርጧል፣ አፓርታማ 512፣ ከጃንዋሪ 11 ጀምሮ

ለሕንፃው አስተዳደር፤

ጤና ይስጥልኝ። በአፓርታማ 512 ከእሑድ ጃንዋሪ 11 ጠዋት ጀምሮ ከየትኛውም ቧንቧ ሙቅ ውሃ አይወርድም። ይህን የጥገና ጥያቄ በጽሑፍ እያሳወቅሁ ነው።

ዛሬ ሰኞ ጠዋት 7:15 ላይ የወጥ ቤቱን ሙቅ ውሃ ለሦስት ደቂቃ ከፍቼ በቴርሞሜትር ስለካው 62 ዲግሪ ፋራናይት ነበር። የመታጠቢያ ቤቱም ውሃ አይሞቅም። ቀዝቃዛው ውሃ እንደ ወትሮው ይወርዳል። የማሞቂያው ብሬከር አልወረደም፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ውሃ የለም። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን 40 ጋሎን ይይዛል፤ የሞዴልና የመለያ ቁጥሩ ባያያዝኩት ፎቶ ላይ ይነበባል።

እሑድ ጠዋት 9:30 ላይ ለጥገና ክፍሉ በስልክ አሳውቄአለሁ፤ የጥያቄ ቁጥር ግን አልተሰጠኝም። ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ ስላለች የመታጠቢያ ውሃ በምድጃ እያሞቅን እንገኛለን።

እባክዎ እስከ ማክሰኞ ጃንዋሪ 13 ድረስ ባለሙያ መጥቶ እንዲያየው፣ ጥገናው ደግሞ እስከ ዓርብ ጃንዋሪ 16 እንዲጠናቀቅ ያድርጉልን። መለዋወጫ መጠበቅ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚጠናቀቅበትን ቀን በጽሑፍ ይግለጹልኝ። ከጠዋቱ 8 እስከ ከሰዓት በኋላ 5 ባለው ጊዜ፣ ቤት ባንኖርም፣ ባለሙያው እንዲገባ ፈቅጃለሁ።

በቨርጂኒያ ሕግ ክፍል 55.1-1220 መሠረት ይህን መሣሪያ በሥራ ላይ የማቆየቱ ኃላፊነት የአከራዩ ነው። ጉዳዩን በቶሎ እንደሚፈቱልን እተማመናለሁ፤ ስለ ትብብርዎ አመሰግናለሁ።»

ከታች ስሟን፣ የአፓርታማውን ቁጥርና ስልኳን ትጽፋለች። ደብዳቤው አጭር ቢሆንም ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊያነቡት ይችላሉ። በቢሮው ያለችው ሠራተኛ ርዕሱን ብቻ አይታ ጉዳዩ የትኛው ቤት እንደሆነና አስቸኳይ መሆኑን ትረዳለች። ጠጋኙ የማሞቂያውን ዓይነት፣ መጠንና ሁኔታ አውቆ ተስማሚውን ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ «ለማየት» ሌላ ጊዜ «ለመሥራት» መመላለሱ ሊቀር ይችላል። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ዳኛው መቼ እንደተነገረ፣ ምን እንደተነገረና ምን እንደተጠየቀ ያገኛል።

ቴርሞሜትሩ የገባው ለዚህ ነው። «ውሃው አይሞቅም» ሲባል «ትንሽ ለብ ይላል እኮ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ለሦስት ደቂቃ ወርዶ 62 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 17 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነ ውሃ ግን አያከራክርም። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ይበቃል፤ ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶ ቢጨመር ደግሞ የተሻለ ነው።

ስለ መግቢያ ፈቃድ የተጻፈው ዓረፍተ ነገርም ያለ ምክንያት አልገባም። በቨርጂኒያ አከራይ ለመደበኛ ጥገና ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ቢያንስ የ72 ሰዓት ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ጥገናውን የጠየቀው ተከራዩ ራሱ ከሆነ ግን ይህ አያስፈልግም። ፈቃዱ በግልጽ ከተጻፈ «ማስታወቂያ መስጠት ነበረብን» ወይም «በሩን የሚከፍት አጣን» ለሚል ምክንያት ቦታ አይኖርም።

ከደብዳቤው የቀሩትም ሊታዩ ይገባል። «ማሞቂያው አርጅቷል» ወይም «ዘንጉ ተቃጥሏል» የሚል ግምት የለም፤ ግምቱ ከተሳሳተ ትክክለኛው መረጃም ይጠረጠራል። ባለፈው ዓመት ስለተበላሸው ሊፍት፣ ስለ መኪና ማቆሚያው ወይም ስለ ጎረቤት ጩኸት አልተነሳም፤ እነዚህ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። «ኪራይ አልከፍልም» የሚል ዛቻም የለም። በሌላ በኩል በእኛ ዘንድ የተለመደው ረጅም ይቅርታ፣ «ባላስቸግርዎት፣ ጊዜ ሲኖርዎት» የሚለውም ቀርቷል። እንዲህ ያለው አነጋገር አስቸኳዩን ጉዳይ ጊዜ ሲገኝ የሚታይ ያስመስለዋል። አክብሮቱን ሰላምታው፣ «እባክዎ» እና ምስጋናው ያሳያሉ፤ ጥብቅነቱን ደግሞ ቀኖቹ።

እስከ ዓርብ ምንም ካልተደረገ ሁለተኛው ኢሜይል ለመጀመሪያው ምላሽ ሆኖ ይላካል፤ ስለዚህ ሙሉ ታሪኩ ከሥሩ ይታያል። ከአራት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፦ ጥያቄው የቀረበበት ቀን፣ እስከ ዛሬ የተደረገው ወይም ያልተደረገው፣ ውሃው አሁንም ቀዝቃዛ መሆኑ፣ ቀጥሎ የሚወሰደው እርምጃ። እርምጃው እውነተኛ መሆን አለበት። የከተማው አስተዳደር የቤቶች ደህንነት ደንብ ተቆጣጣሪዎች ስላሉት ተከራይ በ311 ደውሎ ምርመራ መጠየቅ ይችላል፤ የተቆጣጣሪው ጽሑፍም ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል።

ሕጉ ከዚህ አልፎ የሚሄዱ መንገዶችንም ይሰጣል። ሙቅ ውሃን የመሰለ መሠረታዊ አገልግሎት አከራዩ ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ካቋረጠ፣ ከማስታወቂያውና ከበቂ ጊዜ በኋላ ተከራዩ የቤቱ ዋጋ ስለቀነሰ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ከጽሑፍ ማስታወቂያው በኋላ 14 ቀን አልፎ ጥገናው ካልተጀመረ፣ ተከራዩ ፈቃድ ባለው ባለሙያ አሠርቶ ወጪውን ከኪራይ የሚቀንስበት ሥርዓት አለ፤ ጣሪያው የአንድ ወር ኪራይ ወይም 1,500 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። ደረሰኙና ዝርዝር ሒሳቡ ለአከራዩ መቅረብ አለበት።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በንዴት ኪራይ ሲያቆም ነው። በቨርጂኒያ ኪራይ ዝም ብሎ መያዝ ለማስወጣት ክስ በር ይከፍታል። ትክክለኛው መንገድ አቤቱታውን ለአካባቢው የጠቅላላ ወረዳ ፍርድ ቤት አቅርቦ፣ ኪራዩን መክፈያው ቀን በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ማስያዝ ነው። ገንዘቡን ፍርድ ቤቱ ይይዘዋል፤ ተከራዩም ያልከፈለ አይባልም። ይህን ደረጃ ከመርገጥ በፊት የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮ ማነጋገር ያስፈልጋል። ቅሬታ በማቅረቡ ምክንያት አከራዩ ኪራይ ቢጨምርበት ወይም ሊያስወጣው ቢሞክር ሕጉ ይህን የበቀል እርምጃ ይከለክላል፤ የመጀመሪያው ኢሜይል ቀን እዚህም ያገለግላል።

ማሞቂያው ሲጠገንም አንድ መልእክት ይቀራል። «ሐሙስ ጃንዋሪ 15 ከሰዓት በኋላ ማሞቂያው ተጠግኗል፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ውሃው 121 ዲግሪ ፋራናይት ሆኗል፤ አመሰግናለሁ» የሚል። ይህ የተቋረጠበትን ጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ በጽሑፍ ያስቀምጣል። የኪራይ ቅናሽ መጠየቅ ካለበት ቀኖቹ አሁን ታውቀዋል፤ ከሳምንት በኋላ ዳግም ቢበላሽም ሁለተኛ ጊዜ መሆኑን ማስረዳት አያስቸግርም።