ፈገግታና የተከፈተ አፍ ሲገናኙ

በኮምፒውተር የተሠራ ገጸ ባሕርይ ዝም ብሎ ፈገግ ሲል ያምራል። አፉን ከፍቶ ሲናገርም ምንም አይወጣለትም። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን አንድ ላይ ሲያደርግ ነው። ከልቡ «ሃ!» ብሎ ሲስቅ የአፉ ጥግ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ይሸበሸባል፣ አንዳንዴም ጥርስ በጉንጩ በኩል ብቅ ይላል። ተመልካቹ ምኑ እንደከፋው ላያውቅ ይችላል፤ ፊቱ ግን ሕይወት እንደሌለው ወዲያው ይታወቀዋል። ሰው ሲያወራ ከዓይን ቀጥሎ የምናየው አፉን ስለሆነ፣ ይህ ጥፋት የሚታረምበትን መንገድ ማወቅ ለፊት ሠሪዎች ትልቅ ነገር ነው።

ፊቱ የሚሠራው በሺዎች ከሚቆጠሩ ነጥቦች በተገናኘ መረብ ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ ምንም ስሜት የማይታይበትን ፊት ይቀርጻል። ከዚያ ያንኑ ፊት ገልብጦ ፈገግ ያስብለዋል፤ ሌላ ቅጂ ላይ መንጋጋውን ይከፍተዋል። ብሌንድ ሼፕ የሚባለው ይህ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ሙሉውን አዲስ ፊት ሳይሆን ልዩነቱን ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከመነሻው ተነሥቶ ወደ የት፣ ስንት ሚሊ ሜትር ሄደ የሚለውን ብቻ። ለእያንዳንዱ ቅርጽ ከ0 እስከ 1 የሚንቀሳቀስ ስላይደር አለው። ፈገግታው 1 ሲሆን ልዩነቱ በሙሉ ይጨመራል፣ 0.5 ሲሆን ግማሹ። ሁለት ስላይደሮች አብረው ሲነሡ ደግሞ ሁለቱ ልዩነቶች ይደመራሉ። ሌላ ስሌት የለም።

የጥፋቱ ምንጭ ይህ መደመር ነው። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንዱን ወጥ ጨው ቢያደርጉበት፣ እያንዳንዳቸው የጨመሩት ልክ ቢሆንም ወጡ አይበላም። የአፍ ጥግ ላይም የሚሆነው እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱም ቅርጾች ለየብቻቸው ትክክል ናቸው፣ ግን አንዱ ስለሌላው አያውቅም።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የወሰድኳቸው ቢሆኑም በእውነተኛ ሰው ፊት መጠን ለተሠራ ገጸ ባሕርይ ከልክ የራቁ አይደሉም። በአፉ ጥግ ላይ ያለችውን አንዲት ነጥብ ብቻ እንከተል። ፈገግታ ነጥቧን 8 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን፣ 6 ወደ ላይ፣ 5 ወደ ኋላ ይወስዳታል። የመንጋጋ መከፈት ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ወደ መሐል፣ 12 ወደ ታች፣ 3 ወደ ኋላ ይስባታል። ድምሩ 5 ወደ ጎን፣ 6 ወደ ታች፣ 8 ወደ ኋላ ይሆናል። ሦስተኛዋን ቁጥር ልብ ይበሉ። ሁለቱም ቅርጾች በየበኩላቸው ነጥቧን ትንሽ ወደ ኋላ ስለወሰዷት፣ አንድ ላይ ጥርስና ድድ ያሉበት ቦታ ውስጥ ከተቷት። ጥርሱ በጉንጭ በኩል የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን መስታወት ፊት ቆመው በሰፊው ፈገግ ይበሉ፤ ፈገግታውን ሳይለቁ ቀስ ብለው አፍዎን ይክፈቱ። የአፍዎ ጥግ እንደ አገጭዎ አይወርድም። ከጉንጭ አጥንት ተነሥቶ እስከ ከንፈር ጥግ የሚደርሰው ጡንቻ ወጥሮ ስለያዘው፣ ታችኛው ከንፈር ሲወርድ ጥጉ ብዙም ሳይለቅ ይቆያል። ሌላም ምክንያት አለ። መንጋጋ የሚከፈተው ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው መጋጠሚያ ላይ እየዞረ ነው፤ ለመጋጠሚያው የቀረበ ነገር ትንሽ፣ የራቀ ብዙ ይወርዳል። ፈገግታ ጥጉን ወደ ኋላ ስቦ ለመጋጠሚያው ስላቀረበው፣ መውረድ ያለበት ከበፊቱ ባነሰ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው 12 ሚሊ ሜትር ግን የተለካው ጥጉ በቀድሞ ቦታው ሳለ ነበር።

ስለዚህ ሠዓሊው ሁለቱንም ስላይደሮች 1 ላይ አድርጎ የተበላሸውን ፊት ፊት ለፊቱ ያስቀምጥና፣ የሰው ፎቶግራፍ እያየ መሆን በሚገባው መልክ ይቀርጸዋል። በእኛ ምሳሌ ነጥቧ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን፣ 2 ብቻ ወደ ታች፣ 4 ወደ ኋላ ብትሆን ያምራል እንበል። ከድምሩ ጋር ሲነጻጸር የጎደለው 1 ወደ ጎን፣ 4 ወደ ላይ፣ 4 ወደ ፊት ነው። ይህ ጎዶሎ ብቻውን ተለይቶ ሦስተኛ ቅርጽ ይሆናል። በሙያው ኮሬክቲቭ ይሉታል፤ ማረሚያ ቅርጽ ልንለው እንችላለን። ብቻውን ቢታይ ትርጉም የሌለው፣ ጥጉን ወደ ፊት የሚገፋ እንግዳ እብጠት ነው። የሚጠቅመው ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ነው።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የቀረጹትን ሙሉ ፊት እንዳለ እንደ ማረሚያ ይጠቀሙበታል። ፊቱ ውስጥ ፈገግታውም የመንጋጋው መከፈትም አስቀድመው ስላሉ፣ ስላይደሮቹ ሲነሡ ሁሉም ነገር በእጥፍ ይሆንና አገጩ ደረት ላይ ይደርሳል። አገጩ በእጥፍ ሲወርድ ያየ ሰው መቀነሱ እንደተረሳ ወዲያው ማወቅ አለበት።

በነፃ በሚገኘው ብሌንደር ፕሮግራም መቀነሱ እንዲህ ይሠራል። ሁለቱ ስላይደሮች 1 ላይ እያሉ `New Shape from Mix` የሚለውን ትእዛዝ ሲጫኑ የተደመረው ፊት አዲስ ቅርጽ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለቱን ወደ 0 መልሰው አዲሱን 1 ላይ አድርገው ጥጉን ይቀርጻሉ። ሲጨርሱ የፈገግታውንና የመንጋጋውን ዝቅተኛ ወሰን ከ0 ወደ -1 ያወርዱና ሁለቱንም -1 ላይ፣ የቀረጹትን 1 ላይ አድርገው ያንኑ ትእዛዝ ይደግሙታል። አሁን የተወለደው ቅርጽ ከቀረጹት ላይ ፈገግታውና መንጋጋው የተቀነሱለት ንጹሕ ማረሚያ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ መደምሰስ፣ ወሰኖቹንም ወደ 0 መመለስ ይቻላል።

ቀጥሎ ማረሚያው መቼ እንደሚነሣ መንገር ያስፈልጋል። በእጅ እያነሡ መሥራት አይሆንም፤ አኒሜተሩ ይረሳዋል። በብሌንደር ድራይቨር በሚባለው መሣሪያ የሁለቱ ስላይደሮች ብዜት እንዲነዳው ይደረጋል፦

```
smile * jaw
```

አንዱ 0 ከሆነ ብዜቱ 0 ነው፤ ስለዚህ ፈገግታም ሆነ መከፈት ለብቻው ሲመጣ ማረሚያው ዝም ይላል። ሁለቱም 1 ሲሆኑ በሙሉ ይነሣል። ሐሳቡ ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ መካከሉን ግን ማየት ግድ ነው። ሁለቱም 0.5 ሲሆኑ ብዜቱ 0.25 ብቻ ነው። ነጥቧ ወደ ኋላ የሄደችው 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ማረሚያው የሚመልሳት 1 ብቻ ይሆናል። አብዛኛው ንግግር የሚካሄደው ደግሞ በዚሁ መካከል ነው፤ ሰው በሥራ ቀኑ ውስጥ አፉን እስከ ጥግ የሚከፍተው ስንቴ ነው? በግማሽ ላይ ጥጉ አሁንም ከተሰረጎደ ከብዜት ይልቅ ከሁለቱ ትንሹን መውሰድ ይቻላል፦

```
min(smile, jaw)
```

ይህ በ0.5 ላይ ግማሹን ይሰጣል፤ ነጥቧም 2 ሚሊ ሜትር ትመለሳለች። ዋጋው ግን አለ። አንዱ ስላይደር ሌላውን አልፎ ሲሄድ የማረሚያው ፍጥነት በድንገት ይቀየራልና፣ ቀስ ባለ እንቅስቃሴ ላይ ጥጉ ድንገት ሲቆም ይታያል። እኔ ብዜቱን ይዤ ለመካከሉ ሌላ ትንሽ ማረሚያ መጨመሩን እመርጣለሁ፤ ሥራው ይበዛል፣ እንቅስቃሴው ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ስላይደሮቹ ከ1 በላይ እንዲያልፉ የተፈቀደ ከሆነም ብዜቱን መገደብ ያስፈልጋል። ሁለቱም 1.2 ቢደርሱ ብዜቱ 1.44 ይሆንና፣ ተሰርጉዶ የነበረው ጥግ በተራው ወደ ውጭ ያብጣል።

ይህን ሁሉ ከመጀመር በፊት ግን ጥፋቱ በእርግጥ ከመደመሩ የመጣ መሆኑን ማጣራት ይገባል። መጀመሪያ መንጋጋውን ብቻ 1 ላይ አድርጎ ጥጉን ከጎንና ከሥር ማየት ነው፤ ፊት ለፊት ሲታይ ወደ ኋላ መስረግ አይታይምና። ከዚያ ፈገግታውን ብቻ። ብቻውን የተከፈተው አፍ ላይ ጥጉ ቀድሞ ከተቆነጠጠ መታረም ያለበት ራሱ የመንጋጋው ቅርጽ ነው። ያንን ትቶ ማረሚያ የሚደርብ ሰው፣ አፍን ከሚያሞጠሙጠው ቅርጽ ጋር፣ ከሐዘኑም ጋር ያንኑ ጥፋት ደግሞ ደጋግሞ ሲያርም ይኖራል። በአፉ ዙሪያ ያሉት የመረቡ መስመሮች ቀለበት ሠርተው ካልዞሩም የትኛውም ማረሚያ ሽብሽቡን አያጠፋውም።

ሰው ሁልጊዜ በሁለቱም በኩል እኩል አይስቅም። ስለዚህ ፈገግታው ለግራና ለቀኝ ሲከፈል ማረሚያውም አብሮ መከፈል አለበት፤ የግራው በግራ ፈገግታና በመንጋጋው ብዜት፣ የቀኙ በቀኙ። የሚከፈለው በመቀስ እንደተቆረጠ በመሐል መስመር ላይ ሳይሆን፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ቀስ እያለ በሚደበዝዝ ክብደት ነው። በማንኛውም ነጥብ ላይ የግራና የቀኙ ክብደት ድምር 1 መሆን አለበት፤ ከጎደለ ከአፍንጫ ሥር ስርጉድ መስመር ይወጣል።

ዘዴው በትልልቅ ፊልሞች የተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ዘ ቱ ታወርስ» ላይ የታየው ጎለም የተባለው ገጸ ባሕርይ ፊት፣ በቤይ ሬይት መሪነት በዌታ ስቱዲዮ ሲሠራ፣ ቅርጾች ሲጣመሩ የሚነሡ ተጨማሪ ቅርጾችን ይጠቀም ነበር።

ዛሬ በስልክ ካሜራ ፊትን የሚከታተለው የአፕል ኤአርኪት 52 ቅርጾችን ይሰጣል፤ `jawOpen`፣ `mouthSmileLeft` እና `mouthSmileRight` ከእነዚሁ ናቸው። ከ52 ቅርጾች ሁለት ሁለቱን ማጣመር 1,326 ጥንድ ያስገኛል፤ ለሁሉም ማረሚያ መቅረጽ የሚታሰብ አይደለም፣ ስልክ ላይ የሚሄድ ጌምም ያን ያህል ቅርጽ አይሸከምም። አብዛኞቹ ጥንዶች ግን አይነካኩም፤ ቅንድብ ማንሣት ከመንጋጋ ጋር የሚጋጭበት ነጥብ የለም። መመረጥ ያለባቸው ሁለቱም ያንኑ ነጥብ በብዛት የሚያንቀሳቅሱት ናቸው። የግራና የቀኝ ፈገግታ ከመንጋጋ ጋር፣ አፍን ማሞጥሞጥ ከመንጋጋ ጋር፣ የላይኛውን ከንፈር ማንሣት ከፈገግታ ጋር፤ በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሠሪ በእነዚህ መጀመር፣ ከእነዚህም ውስጥ ፈገግታውንና መንጋጋውን ማስቀደም ይበቃዋል።