ናይለንና ፖሊስተር በድስትና በካውያ

ለሐዘን ጥቁር መልበስ ያለበት ሰው አንዳንዴ አዲስ ከመግዛት ያለውን ቀሚስ ማቅለም ይመርጣል። ጥጥ ከሆነ አያስቸግርም። ናይለንም ለሱፍ የሚሆን ቀለም ተበጥብጦ፣ ጥቂት ኮምጣጤ ተጨምሮበት በሚፈላ ውኃ ውስጥ ከቆየ ጥሩ ጥቁር ይወጣዋል። ፖሊስተር ግን በደንብ ተቀቅሎም ሲታጠብ ቀለሙን ይለቃል፤ ቢበዛ ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ሁለቱም ሰው ሠራሽ ክሮች ናቸው፤ ናይለን በ1935 በአሜሪካ፣ ፖሊስተር በ1941 በእንግሊዝ ተፈለሰፉ። የናይለን ሞለኪውል ጫፎቹ ላይ የዚህ ዓይነቱን ቀለም ስቦ የሚይዝ ቦታ አለው፤ ውኃም ትንሽ ይጠጣል። ፖሊስተር እንዲህ ያለ መያዣ የለውም፤ ሞለኪውሎቹም ተጠጋግተው ስለተደረደሩ ውኃ እምብዛም አይገባውም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ለእሱ የተዘጋጀ ልዩ ቀለም ይዘው በታሸገ ጋን ውስጥ፣ በግፊት፣ እስከ 130 ዲግሪ ያሞቁታል። ያኔ ክሩ ላላ ይልና ቀለሙ ሰርጎ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ መውጫ ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በከፍታው ምክንያት ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ክፍት ድስት የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ አይሞቅም።

ካውያው ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ በቀላሉ የሚጎዳው ናይለን ነው። በብዛት ከሚሠሩት የናይለን ዓይነቶች አንዱ በ220 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊት ግን ለስልሶ መጣበቅ ይጀምራል። ለጥጥ የተስተካከለ ካውያ 200 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ ሸሚዙ ተሸብሽቦ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ፖሊስተር እስከ 255 ዲግሪ ገደማ አይቀልጥም። ያም ሆኖ በጥጥ ሙቀት ከተተኮሰ ጨርቁ ይተኛና የማይለቅ አንጸባራቂ ምልክት ያወጣል። ቀለሙም ይተንና ከላይ የተነጠፈውን ነጭ ጨርቅ ይበክላል።

በልብሱ ምልክት ላይ ካውያው ውስጥ አንድ ነጥብ ካለ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ፣ ሁለት ነጥብ ካለ ከ150 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ናይለን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ነጥብ ነው። ፖሊስተር ሁለት ነጥብ ይችላል፤ ምልክቱ አንድ ካለ ግን እሱን መስማት ነው። ምልክቱ ከተቀደደ በዝቅተኛው ሙቀት ጀምሮ፣ በማይታይ የውስጥ ስፌት ላይ መሞከር ያዋጣል። ካውያው መንሸራተቱን ትቶ ያዝ ያዝ ካደረገ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው።

በጥንካሬ በኩል መፋተግን የሚችለው ናይለን ነው፤ ተለጥጦም ይመለሳል፤ ለዚህም ነው ካልሲና ገመድ የሚሠራበት። ሲረጥብ ግን ከጉልበቱ ጥቂት ያጣል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰነብትም ይዳከማል። ፖሊስተር ግን ረጥቦም ጉልበቱ ያው ነው፤ ፀሐይም የተሻለ ይችላል። ለመስኮት መጋረጃ እኔ ፖሊስተሩን እመርጣለሁ።