ለሚስት አባት የሚጻፍ የልደት መልእክት

ከሠርጉ በኋላ የመጀመሪያው የአማት ልደት ሲደርስ አዲስ አማች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ሚስቱ ለአባቷ የጻፈችውን አይቶ የራሱንም በዚያው ልክ ሲያደርግ ነው። እሷ «አባዬ፣ እንኳን ተወለድክልኝ» ብትል ያምርባታል፤ አባቱን «አንተ» እያለ ያደገ ልጅ በከተማ ብዙ ነው። አማች ያንኑ «አንተ» ሲደግም ግን፣ ሰውየው ቢያልፉት እንኳ መልእክቱን የሚያዩ ዘመዶች ቅር ይላቸዋል።

አክብሮቱ «እርስዎ» በሚለው ቃል ብቻ አያልቅም፤ እስከ መጨረሻው ግስ መዝለቅ አለበት። በችኮላ ሲጻፍ «እንኳን አደረሰዎ» ተብሎ ተጀምሮ «መልካም ቀን ይሁንልህ» ተብሎ ይዘጋል። ከመላኩ በፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ያመለጠችውን ግስ ያጋልጣል።

ደሴ የሚኖሩ፣ ኅዳር 12 ቀን 1947 ዓ.ም. የተወለዱ አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ እንበል። በኅዳር 2017 ሰባኛ ዓመታቸውን ሲደፍኑ አማቻቸው እንዲህ ሊጽፍላቸው ይችላል፦

«ይድረስ ለተከበሩ አባቴ። እንኳን ለ70ኛ ዓመት የልደት በዓልዎ በሰላም አደረሰዎ። በመልሱ ዕለት አጠገብዎ አስቀምጠው በእጅዎ ያጎረሱኝን አልረሳውም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤትዎ እንግድነት አልተሰማኝም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያኑርልን። አክባሪ ልጅዎ።»

መልእክቱን የሚያቆመው ጉርሻው ነው። «መልካም ልደት» ማንም ይላል፤ በመልሱ ዕለት የሆነውን መጻፍ የሚችለው ግን እሱ ብቻ ነው። «ልጅዎ» ብሎ መፈረሙም ከ«አማችዎ» ይልቅ ያቀርባል። ምርቃት የታላቅ ድርሻ ስለሆነ አማቹ ራሱ አልመረቀም፤ ከፈጣሪ ለመነላቸው እንጂ። ቤተሰቡ ሙስሊም ቢሆን በዚያው ቦታ «አላህ» ይገባል። በዕድሜ መቀለድ፣ «አረጁ እኮ» ማለት፣ ለዚህ ጊዜ አይሆንም።

ቀኑም መጣራት አለበት። ኅዳር 12 በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ኅዳር ግን 22 ይሆናል። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. የዋለው ኖቬምበር 22 ነበር። ውጭ አገር የሚኖር አማች ስልኩ ላይ የፈረንጁን ቀን ብቻ ከመዘገበ አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይስታል። የትውልድ ቀናቸው በወረቀት ያልሰፈረ ብዙ አረጋውያን ስላሉ ደግሞ፣ የትኛውን ቀን እንደሚያከብሩ አስቀድሞ አማቱን እናት መጠየቅ ይበጃል።

ጽሑፉ ስልክ መደወልን አይተካም። ምርቃት የሚሰጠው በቃል ነውና፣ በማለዳ ደውላችሁ «አሜን» በሉ፤ መልእክቱን ከዚያ በኋላ ላኩት።